ግድግዳውን አቅንቶ ፊትን የሚለጥጥ ማስተካከያ

በጠባብ ክፍል ውስጥ በሰፊ ማዕዘን ሌንስ ከቅርብ በተነሳ የቡድን ፎቶግራፍ ላይ፣ በሁለቱ ዳሮች ያሉ ሰዎች ጭንቅላት ወደ ጎን ይሰፋል፣ ጉንጫቸው ይለጠጣል፣ አንዳንዴም አንገታቸው ወደ ውጭ ያዘመመ ይመስላል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት በላይትሩም ላይ «Enable Profile Corrections» የሚለውን ሳጥን መንካት ነው። ከልማዱ በስተጀርባ ያለው እምነት ጥፋቱ የሌንሱ ነው፣ ሌንሱን የሚያውቅ ፕሮግራም ደግሞ ያርመዋል የሚል ነው። እምነቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ የዳር ፊቶችን ይበልጥ ይለጥጣል።

ስህተቱ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «መዛባት» በሚል አንድ ስም ከመጥራት ነው። አንደኛው የሌንሱ ጉድለት ነው፤ ቀጥ ያለ የበር መቃን በምስሉ ዳር ወደ ውጭ ጎብጦ ይታያል። ፕሮፋይሉ የሚያርመው ይህንን ነው። ሁለተኛው ግን ጉድለት አይደለም። ሌንሱ ቀጥታ መስመርን ሁሉ ቀጥ አድርጎ እንዲያወጣ ከተፈለገ፣ ከመሃል ርቆ የሚገኝ ድቡልቡል ነገር በጠፍጣፋው ምስል ላይ መለጠጡ አይቀርም። ከአምፖል ወደ ጎን የተያዘ ኳስ ግድግዳው ላይ ሞላላ ጥላ እንደሚጥለው ሁሉ፣ የሰው ጭንቅላትም ሞላላ ሆኖ ይወድቃል። እንከን የለሽ የተባለው ውድ ሌንስ ይህንን ልጠጣ ሙሉ በሙሉ ያሳያል፤ ስለዚህ ሌንስ መቀየርም መፍትሔ አይሆንም።

የልጠጣውን መጠን በሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ረድፉ ከዞረ፣ ከካሜራው እስከ ዳር ሰው ራስ ያለው ርቀት ከካሜራው እስከ ረድፉ መሃል ላለው ርቀት ይካፈላል። ሰባት የቤተሰብ አባላት በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል እንበል። ለእያንዳንዳቸው 45 ሴንቲሜትር ቢታሰብ፣ የዳሩ ሰው ራስ ከመሃሉ 1.35 ሜትር ይርቃል። አንሺው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ከረድፉ 2.2 ሜትር ላይ ከቆመ፣ በሙሉ ፍሬም ካሜራ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ሁሉንም ያስገባለታል። ከካሜራው እስከ ዳሩ ሰው ያለው ርቀት ወደ 2.58 ሜትር ይሆናል፤ ለ2.2 ሲካፈል 1.17 ይወጣል። የዳሩ ሰው ጭንቅላት ቁመቱ ሳይጨምር 17 በመቶ ሰፍቷል ማለት ነው። ከጎኑ ያለው 8 በመቶ፣ ቀጥሎ ያለው 2 በመቶ ይሰፋል፤ የመሃሉ ሰው ግን ምንም አይነካም። ሰዎች ፎቶአቸውን አይተው «ወፍሬአለሁ» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው፣ አንሺውም ይህን ሊነግራቸው ይገባል።

በርሜል ዓይነት ጉብጠት ያለው ሌንስ የምስሉን ዳር ወደ መሃል ስለሚሰበስብ የልጠጣውን ከፊል ሳይታወቅ ያካክሳል። ፕሮፋይሉ መቃኑን ለማቅናት ዳሩን ወደ ውጭ ሲስብ ይህች ማካካሻ ትጠፋለች። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሳጥኑን አብርቶና አጥፍቶ የዳሩን ሰው ፊት ከጆሮ እስከ ጆሮ ማስተያየት። ስፋቱ ከጨመረ፣ ከሥሩ ያለውን «Distortion» ወደ 0 መመለስና የጥግ ጥቁረትን የሚያርመውን ክፍል ብቻ ማስቀረት ይበጃል። ይህ ግን ሁልጊዜ አይቻልም፤ በርካታ መስታወት አልባ ካሜራዎችና ስልኮች እርማቱን ከፋይሉ ጋር አስረው ስለሚልኩት ላይትሩም ማጥፊያ አይሰጥም።

ቀጥታ መስመርን ከፊት ማስቀደም የማይሻር ሕግ ተደርጎ መታየቱ ይበልጥ የሚያሳዝነው መፍትሔው ከፎቶግራፍ በፊት የታወቀ በመሆኑ ነው። ራፋኤል በቫቲካን ከ1509 እስከ 1511 በሳለው «የአቴንስ ትምህርት ቤት» ላይ ሕንፃውን በጥብቅ የፐርስፔክቲቭ ሕግ ሠርቶ፣ በቀኝ በኩል ባሉት ሰዎች እጅ ያሉትን ሉሎች ግን ክብ አድርጎ ሳላቸው፤ ሕጉ ሞላላ እንዲሆኑ ያዝ ነበር። የጉግል ተመራማሪዎች በ2019 ያቀረቡት የስልክ ካሜራ ስልትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ ፊቶችን ክብነትን በሚጠብቅ ስሌት ይሠራል፣ ከበስተኋላ ያለውን ቀጥ አድርጎ ይተወዋል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ደግሞ ያለሰልሳል።

በእጅም ይኸው ይሠራል። በፎቶሾፕ «Warp» የዳሩን ሰው ከራስ እስከ ትከሻ 15 በመቶ ያህል ማጥበብ፣ የቀጣዩን 7 በመቶ፣ የሦስተኛውን 2 በመቶ፤ ማጥበቡ ወደ መሃል ሲሄድ እየሳሳ ይጠፋል። የዲኤክስኦ ቪውፖይንት «Volume deformation» ማረሚያ ይህንኑ በአንድ ጊዜ ያደርጋል። በአንጻሩ በላይትሩም «Aspect» ምስሉን በሙሉ ማጥበብ የመሃሉን ሰው ያለ ጥፋቱ ያቀጥናል፤ ፊትን ብቻ ነጥሎ ማጥበብም በሰፊ ትከሻ ላይ ትንሽ ራስ ይተዋል። ትክክለኛው እርማት ዋጋ አለው፤ ከዳሩ ሰው ጀርባ ያለው በር ወይም የመጋረጃ ዘንግ በጥቂቱ ይጎብጣል። ሜዳማ ግድግዳ ላይ ማንም አያየውም፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ግን ይታያል። እዚያም ቢሆን መጉበጥ ያለበት መደርደሪያው ነው።

የራስ ማዘመም ሌላ ምክንያት አለው። አንሺው ቆሞ፣ ተቀምጠው ያሉትን ካሜራውን ወደ ታች አዘንብሎ ሲያነሳ የግራው ሰው ወደ ግራ፣ የቀኙ ወደ ቀኝ ያዘማል፣ የበሮቹ መቃኖችም አብረው ያዘማሉ። ምስሉን ማዞር አንዱን ሲያቃና ሌላውን ያባብሳል። እዚህ የሚያገለግለው በ«Transform» ውስጥ ያለው «Vertical» ነው፤ ከእርሱ በኋላ ራሶቹ ይቆማሉ፣ ልጠጣውም ወደ ጎን ብቻ ስለሚሆን ከላይ የተባለው ማጥበብ በትክክል ይገጥመዋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥራው ሁለቴ ይሆናል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘመሙ ማዞር ይበቃል። መቃኑ ቀጥ ብሎ አንድ ሰው ብቻ ካዘመመ ግን ወደ ጎረቤቱ ተጠግቶ ነውና መነካት የለበትም።

ከማንሳት በፊት የሚሰጥ አንድ ምክርም መታረም አለበት። ሁሉም ከካሜራው እኩል እንዲርቁ በሚል ረድፉን እንደ ግማሽ ጨረቃ ማጉበጥ ለትኩረት ይጠቅም ይሆናል፣ በሰፊ ማዕዘን ሌንስ ግን የዳሩን ሰው ወደ ካሜራው ያስጠጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ያ ሰው በዚያው አቅጣጫ 2.2 ሜትር ላይ ቢቆም ከመሃሉ ሰው ጋር ሲነጻጸር ራሱ በቁመት 17፣ በስፋት 38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀጥ ያለ ረድፍ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው በሩን ከፍቶ ኮሪደር ላይ መቆም ነው፤ ርቀቱ 3.2 ሜትር ሲሆን 35 ሚሊሜትር ሌንስ ያንኑ ረድፍ ያስገባል፣ የዳሩ ልጠጣም ወደ 8.5 በመቶ ይወርዳል። ሰባቱን በሁለት ረድፍ፣ አራቱን አስቀምጦ ሦስቱን ከኋላ ማቆም ከ2.2 ሜትር ላይም ቢሆን የፊተኛውን ረድፍ ዳር ከ5 በመቶ በታች ያደርገዋል። ነገር ግን የኋለኞቹ 40 ሴንቲሜትር ቢርቁ የፊተኞቹ ራስ በ18 በመቶ ገደማ ይበልጣቸዋል፤ ይህን የመጠን ልዩነት፣ እንዲሁም በጣም ከመጠጋት የሚመጣውን የአፍንጫ ማደግ፣ ምስሉን በማጥበብም ሆነ በማዞር ማስወገድ አይቻልም።