ፍርስራሽም ምስክር ነው

የፈረሰ ቅርስ እንደ ቀድሞው ተመልሶ ከተሠራ ጉዳቱ ተካሰ፣ ታሪኩም ተመለሰ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ አሳባቸው ዘወትር የሚጠሩት ምስክር ዋርሶ ነው። የፖላንድ ርእሰ ከተማ አሮጌው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1944 ከ85 በመቶ በላይ በናዚዎች ወደመ፤ ሕዝቡ መልሶ ሠራው፤ በ1980ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። «ለዋርሶ የተፈቀደው ለሌላው ስለምን ይከለከላል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እነርሱ በሚጠብቁት በኩል አይገኝም፤ የሚገኘው በጆርጂያ፣ በኩታይሲ ኮረብታ ላይ ነው።

በዚያ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የባግራቲ ካቴድራል በንጉሥ ባግራት 3ኛ ዘመን የታነጸ ሲሆን ወለሉ የተነጠፈው በ1003 መሆኑ በራሱ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። በ1692 የኦቶማን ጦር ባደረሰው ፍንዳታ ጉልላቱና ጣሪያው ወደቁ። ግድግዳዎቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ ሦስት መቶ ዓመት ቆዩ፤ በ1994 ከጌላቲ ገዳም ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው ጉልላት አልባ ሕንፃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት ካቴድራሉን ሙሉ አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። እስከ 2012 ድረስ በአሮጌው ግድግዳ ላይ አርማታ ገባ፣ አዲስ ጉልላት ተሰቀለ፣ በጎኑም የብረትና የመስታወት ክፍል ተቀጠለ። ዩኔስኮ በ2010 ቅርሱን አደጋ ላይ ነው ሲል አስጠነቀቀ፤ በ2017 ደግሞ ባግራቲን ከመዝገቡ ፋቀ፤ ጌላቲ ብቻ ቀረ። ውሳኔው የተላለፈው በዚያችው በፖላንድ፣ በክራኮው በተደረገው ጉባኤ ነበር።

ይህ አድልዎ ነውን? አይደለም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ጥገና በነባሩ አካልና በእውነተኛ ሰነድ ላይ እንዲመሠረት፣ ግምት በሚጀምርበት ቦታም እንዲያቆም ያዛል። የእውነተኝነት መለኪያ ይህ ነው። የዋርሶ ሠሪዎች የአርክቴክቸር ተማሪዎች ከጦርነቱ በፊት የለኳቸው ንድፎችና የሠዓሊው ቤሎቶ የ18ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች በእጃቸው ነበሩ። ከሁሉም በላይ መዝገቡ ዋርሶን የተቀበለው የመካከለኛው ዘመን ከተማ ነው ብሎ ሳይሆን፣ አንድ ሕዝብ ከጥፋት በኋላ የፈጸመው የመልሶ ግንባታ ሥራ ነው ብሎ ነው። ስሙና ግብሩ ተስማምተዋል። የባግራቲን ጉልላት ግን ሳይወድቅ የለካው የለም፤ የኋላ ዘመን አጥኚዎች ያዩት ፍርስራሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ጉልላት የ11ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሳይሆን የ21ኛው መቶ ዓመት ግምት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ምሉዕነት ነው። ብዙዎች ምሉዕ ሲባል ያልጎደለ፣ ያልፈረሰ ማለት ይመስላቸዋል። ስሕተቱ የሚበቅለው ከዚህ ነው። ምሉዕነት የቅርሱን ትርጉም የሚሸከሙት አካላት ሳይነኩ መገኘታቸው ነው። የባግራቲ ትርጉም ደግሞ የንጉሡ ግንባታ ብቻ አልነበረም፤ የ1692 ቁስልም ነበረበት። ግድግዳው ውስጥ አርማታ በገባ ጊዜ ድንጋዩ ሊናገር የሚችለው ተደፈነ፤ አርማታውን ነቅሎ የቀድሞውን ግድግዳ ማግኘት ደግሞ አይቻልም። በጎደለው ላይ ሲጨምሩ ሙሉ የነበረውን አጎደሉት።

«ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አይደለም፤ ምእመናን የሚጸልዩበት ጣሪያ ይሻሉ» የሚለው ክርክር ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የ1994ቱ የናራ ሰነድም እውነተኝነት በየባህሉ ሚዛን ይመዘን ብሏልና ተከራካሪዎቹ እርሱን ይጠቅሳሉ። ሆኖም ይኸው ሰነድ ፍርዱን የሚያሳርፈው የመረጃው ምንጭ በሚታመንበት መጠን ነው፤ ግምትን እውነት አያደርግም። ጸሎትም ቢሆን የሐሰት ጉልላት አያስፈልገውም። ዝናብ የሚከለክል፣ አዲስነቱን የማይደብቅ፣ ሲያስፈልግም ግድግዳውን ሳይጎዳ የሚነሣ ጣሪያ ለምእመኑም ለቅርሱም ይበቃ ነበር።

ልዩነቱን በአገራችን ማየት ለሚፈልግ አክሱም አለች። በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 በሦስት ክፍል የተመለሰው 24 ሜትር ሐውልት በ2008 በገዛ ድንጋዩ፣ በገዛ ቦታው ተተከለ። ይህን ዓይነቱን የራስን ስብርባሪ መልሶ ማጋጠም ቻርተሩ ይፈቅዳል። በአጠገቡ ደግሞ 33 ሜትር የሚሆነው ታላቁ ሐውልት ተሰባብሮ እንደ ወደቀ ይገኛል። ይህ የወደቀው ሐውልት የጥንቱ ጥበብ እስከ የት እንደ ደፈረና የት ላይ እንደ ተገታ የሚናገር ነው። አንድ ቀን በአርማታ ቀጥ ይበል የሚል ቢነሣ የባግራቲ ታሪክ ይነገረው።