የወደቀ ሁሉ ካሳ አያገኝም

«ሬስቶራንት ውስጥ ያዳለጠው ሰው ይከፈለዋል» ሲባል እዚህ አትላንታ ደጋግሜ እሰማለሁ። መውደቅ ብቻውን ግን አያስከፍልም። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በክሮገር መደብር ላይ በቀረበ ክስ እንዳስቀመጠው፣ ከሳሽ ሁለት ነገር ያስረዳል፦ ባለቤቱ አደጋውን ያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበር፣ እርሱ ራሱ ግን እየተጠነቀቀም እንዳላወቀ።

ክርክሩ የሚከረው «ማወቅ ይገባው ነበር» ላይ ነው። እንበልና ክላርክስተን ባለ ምግብ ቤት፣ ከፍሪጅ በፈሰሰ ውሃ ደንበኛ አዳለጠው። ውሃው ከደቂቃ በፊት የፈሰሰና ሠራተኛም አጠገቡ ያልነበረ ከሆነ ባለቤቱን ማስጠየቅ ይከብዳል። ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን «አላየሁም» አያድነውም። «በየግማሽ ሰዓቱ እናያለን» ማለትም አይበቃም፤ በዚያ ቀን በእርግጥ መታየቱን ማስረዳት አለበት።

ደንበኛውም ጥፋት ካለበት ይቀነስበታል። ጉዳቱ 40,000 ዶላር፣ ጥፋቱ 30 በመቶ ቢሆን 28,000 ያገኛል፤ ጥፋቱ 50 በመቶ ከደረሰ ግን ምንም።

ስለዚህ ለወገኖቼ ባለ ሬስቶራንቶች የምለው አንድ ነው፦ ወለሉን ያየው ሠራተኛ ሰዓቱንና ስሙን ወዲያው ይጻፍ። ያልተጻፈ ፍተሻ ፍርድ ቤት ፊት እንዳልተደረገ ሊቆጠር ይችላል።