ከመቶ ሃያ ዶላር ስንቱ አፍደም ይደርሳል?

አፍደም የምትባለውን ከተማ ብዙዎቻችን የምናውቃት በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል በተዘረጋው በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ምክንያት ነው። ዛሬ ግን አፍደምን የምናነሣት ስለ ባቡሩ ልንጽፍ አይደለም። በዚያች ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ከሱማሌኛ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጐመ ለንደን ለሚገኝ ድርጅት ይሠራል፤ ደመወዙም በወር 120 ዶላር ነው። ሥራው ራሱ አያስቸግረውም። ያስቸገረው የሠራበትን ገንዘብ እጁ ማስገባቱ ነው፤ የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚሁ ነው።

ድርጅቱ በመጀመሪያው ወር ገንዘቡን በባንክ ላከለት። ወዳጃችን 120 ዶላር ሲጠብቅ የደረሰው 95 ብቻ ሆነ። ባንኩ የሰረቀው መስሎት ተቆጣ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከለንደን የሚነሣ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይገባም፤ በመካከሉ አንድ ወይም ሁለት አገናኝ ባንኮች አሉ፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው የድካማቸውን ዋጋ ከገንዘቡ ላይ ቆርጠው ያስተላልፋሉ። ተቆራጩ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዶላር ይደርሳል። ላኪው ቅጹን ሲሞላ ከሦስት ቃላት አንዱን ይመርጣል። OUR ያለ እንደሆነ ወጪውን ላኪው ይችላል፤ SHA ያለ እንደሆነ ይጋራሉ፤ BEN ያለ እንደሆነ ሁሉም በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ላኪው ዝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው SHA ነው። ወዳጃችን ይህን አያውቅም ነበርና አልጠየቀም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በውሉ ላይ አንዲት መስመር ቢያስጽፍ ኖሮ 25 ዶላሩ አይጐድልበትም ነበር።

በሁለተኛው ወር ደግሞ ገንዘቡ ከነጭራሹ ጠፋ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከተጠበቀ በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፤ የፊደል ጉዳይ ነው። በሱማሌኛ የላቲን አጻጻፍ የእኛ «ሐ» በ x፣ የእኛ «ዐ» በ c ይጻፋሉ። ስለዚህ የወዳጃችን የአባት ስም በትምህርት ማስረጃው ላይ Maxamed ሲሆን በባንክ ደብተሩ ላይ ግን Mohamed ተብሎ ተመዝግቧል። ለድርጅቱ የሰጠው የመጀመሪያውን ነው። ተቀባዩ ባንክም ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ አልገጠሙለትምና ገንዘቡን አግዶ ማብራሪያ ጠየቀ። ለማን እንደ ጠየቀ አትጠይቁን፤ ለወዳጃችን ግን አልነገረውም።

እንዲህ ያለ መዘግየት ሲገጥም በባንኩ በር ላይ መቆም ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከላኪው የስዊፍት መልእክቱን ቅጂ መጠየቅ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የተቀባዩ ስም እንዴት እንደ ተጻፈ፣ ወጪው በማን ላይ እንደ ተጣለና UETR የሚባለው ባለ 36 ምልክት የመከታተያ ቁጥር ይገኛሉ። ላኪው ባንክ በዚህ ቁጥር ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደ ቆመ ለማወቅ ይችላል። ወዳጃችን ቅጂው የደረሰው ዕለት ስሙን አይቶ ችግሩን በራሱ ዐወቀ።

ከዚህ በኋላ እኛም ከርሱ ጋራ ተቀምጠን ሒሳብ አሰብን። ለስሌት እንዲመች የባንኩ ምንዛሪ 150 ብር ነው እንበል። በየወሩ 95 ዶላር ቢደርሰው በሦስት ወር የሚያገኘው 42,750 ብር ነው። የሦስቱን ወር አጠራቅሞ 360 ዶላሩን ባንድ ጊዜ ቢያስልክ ግን የሚቆረጥበት ያው 25 ዶላር ስለ ሆነ 335 ይደርሰዋል፤ ይኸውም 50,250 ብር ነው። የ7,500 ብር ልዩነት የመጣው ከተሻለ ባንክ ሳይሆን ከትዕግሥት ነው። እርግጥ ትዕግሥቱም አደጋ አለው፤ ሦስት ወር ያልከፈለ ደንበኛ አራተኛውንም ላይከፍል ይችላል። ስለዚህ ይህን ምክር የምንሰጠው ደንበኛውን ለሚያምን ሰው ብቻ ነው።

እንደ ዌስተርን ዩኒየንና እንደ ዳሃብሺል ያሉት ገንዘብ አስተላላፊዎች አካሄድ ሌላ ነው። ዋጋውን ላኪው እዚያው ይከፍላል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ነገር ግን እዚህ የሚከፈለው በብር ሲሆን የምንዛሪው ዋጋ ከባንኩ ሊያንስ ይችላል። በ150 ፈንታ 146 ቢሰጡት 120 ዶላሩ 17,520 ብር ይሆናል፤ ይህም በባንክ ከደረሰው 14,250 ይበልጣል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው በዚህ አይጠቀምም? አገልግሎቱ የተዘጋጀው ልጅ ለእናቱ፣ ወንድም ለእኅቱ እንዲልክበት ነው። የድርጅት ሒሳብ ሹም የሠራተኛን ዋጋ በዚህ መንገድ ለመላክ አይፈቅድም። ደንበኛው አንድ ግለሰብ ከሆነና ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ግን የተሻለው መንገድ ይኸው ነው። ፔይፓልን የሚጠይቁን አሉ፤ እርሱ ከኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ለመክፈል እንጂ ለመቀበል ሳይፈቅድ ኖሯል። አገሩን ለውጦ አካውንት የሚከፍት ሰውም አንድ ቀን አካውንቱ ተዘግቶ ገንዘቡ እስከ 180 ቀን ሊታገድበት ይችላል።

አሁን ሁሉም ወደሚያውቀውና ማንም በጋዜጣ ላይ ሊያነሣው ወደማይወደው ነገር እንምጣ። በጅጅጋና በአካባቢዋ ዶላሩ ለንደን ላይ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ብሩ በዚያው ቀን እዚህ የሚከፈልበት መንገድ አለ። ዶላሩ ወደ አገር አይገባም፤ በዕቃ ንግድ ይካካሳል። ይህ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ምንዛሪ ስለ ሆነ በሕግ የተከለከለ ነው። ሆኖም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረውን እናስታውስ። ያን ጊዜ ባንኩ አንዱን ዶላር በ57 ብር ግድም ሲገዛ ጥቁር ገበያው ከ110 ብር በላይ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዋጋ የወዳጃችን 335 ዶላር በባንክ 19,095 ብር ብቻ ይሆናል፤ ሐዋላው ከመቶ ሦስት ቢወስድ እንኳ በዚያኛው መንገድ 38,000 ብር ያልፋል። በዚያ ዘመን ለወጣቱ ስለ ሕግ ይሰበክለት የነበረው በከንቱ ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም፤ ሕጉን ማክበር የላቡን ግማሽ ያስከፍለው ነበርና።

በተባለው ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ባንኩ 150፣ ጥቁር ገበያው 160 ነው ብንል ለሦስቱ ወር 50,250 ከ55,872 ብር ጋራ ይነጻጸራል። ስለዚህ ጥያቄው ይህ 5,600 ብር ምን ይገዛልናል የሚል ሆኗል። በእኛ አስተያየት ብዙ ይገዛል። በባንክ የገባ ገንዘብ ወረቀት አለው፤ ቪዛ ለሚጠይቅም ሆነ ብድር ለሚፈልግ ገቢውን ያስረዳለታል። በሌላው መንገድ ግን ብሩን ወደ ደብተራችን የሚያስገባው የማናውቀው ሰው ነው፤ የዚያ ሰው ገንዘብ የተጠረጠረ ዕለት የሚታገደው የእኛም ሒሳብ ይሆናል። ያን ጊዜ 5,600 ብሩን ለማን እንጠይቃለን?

ሌላም ነገር አለ። የ2016ቱ መመሪያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል። ይህን ሒሳብ ያልከፈተ ሰው ዶላሩ ደብተሩ ውስጥ በገባበት ቀን ዋጋ ወደ ብር ይለወጥበታል፤ የከፈተ ግን በዶላር ያቆየዋል፤ ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ለመሣሪያ ግዢም ሊከፍልበት ይችላል። ነገር ግን በሒሳቡ ዶላር አለ ማለት በመስኮት ጥሬ ዶላር ይቈጠርለታል ማለት አይደለም። ደብተሩን ከመክፈት በፊት ከዚያው ቅርንጫፍ ስንት በጥሬው እንደሚያወጡ፣ ወደ ውጭ ለመክፈልም ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ መጠየቅ ይገባል።

ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ ወርዶ ስሙን በባንኩ መዝገብና በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት አስደረገ፤ ለድርጅቱም በየሦስት ወሩ፣ በ OUR፣ Mohamed በሚለው ስም እንዲልኩለት ጻፈ። ድርጅቱ ሁለቱን ተቀበለ። ወጪውን እንችላለን ለማለት ግን ገና እያሰበበት ነው።