የሥራ ቦታ ወግ፦ ማንም ያልሰጠው ነጥብ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ግምገማ ነው። አለቃ ብቻ ሳይሆን አብሮን የሚሠራውም፣ እኛ የምናሠራውም ሰው ነጥብ የሚሰጠን ዓይነት ማለቴ ነው። 360 ዲግሪ ይሉታል፤ ዙሪያውን እንደ ማለት። ነጥብ መስጠቱስ ቀላል ነው። እኔን የቸገረኝ «ያንን ሁሉ በአንድ ገጽ አጠቃልለሽ አምጪ» የተባልኩ ዕለት ነው።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ በክፍል ጽዳት በኩል ነው። የተገመገመችው አንዲት ሱፐርቫይዘር ነበረች። ከጥያቄዎቹ አንዱ «የሥራ ለውጥ ሲኖር በጊዜ ታሳውቃለች ወይ?» ይላል፤ ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው። ሥራ አስኪያጁ 5 ሰጣት። አራት የሥራ ባልደረቦቿ 5፣ 4፣ 4 እና 3 ሰጧት። ከምታሠራቸው አሥር ሰዎች ደግሞ ስድስቱ መለሱ፤ 5፣ 5፣ 5፣ 2፣ 2፣ 2።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉንም ደምሬ ለአሥራ አንድ ማካፈል ነው። 3.8 መጣ። ጥሩ ናት ማለት ነው፣ አለቀ! ግን እኮ ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ከስድስቱ ጋር በአንድ ድስት ገባ። ስለዚህ በየወገኑ ለየሁት፤ አለቃ 5፣ ባልደረቦች 4፣ ሠራተኞች 3.5።

ማታ ልጄ የሂሳብ የቤት ሥራውን ሲሠራ የማንም ስም ሳልጠራ ስድስቱን ቁጥሮች ብቻ ጻፍኩለትና አማካዩን ጠየቅኩት። «3.5» አለኝ፤ ቀጠለና «ግን እማዬ፣ ከነዚህ ውስጥ 3.5 የሰጠ ሰው የለም እኮ!» አለ። እውነቱን ነው። ሦስቱ በጣም ደስተኞች ናቸው፣ ሦስቱ ተከፍተዋል፤ መካከለኛ የሚባል ሰው የለም። አማካዩ የሌለ ሰው ፈጠረልን። ከዚያ ወዲህ ነጥቡ እንዲህ ሲከፈል አማካዩን ብቻዬን አልጽፈውም፤ «ሦስት ሰዎች 5፣ ሦስት ሰዎች 2» ብዬ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ «ሦስቱ አጉረምራሚዎች ናቸው፣ ተያቸው» አለኝ። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን። እሱ የሚያገኛት ጠዋት ስብሰባ ላይ ነው፤ ለእሱ ሁሉን በሰዓቱ ትነግረዋለች፣ 5 ቢሰጣት አልዋሸም። ሠራተኞቹም አልዋሹም። የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ማን ልክ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት እያንዳንዱ ምን ለማየት ዕድል ነበረው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መልሱን ያገኘሁት ከጽሑፍ አስተያየቶቹ ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ አነጋገር አንድ ነገር ጽፈዋል፤ ማታ ሲገቡ ለውጡን የሚሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነው። ቃላቸውን ግን እንዳለ አልገለበጥኩም። በሰው አገር ቋንቋ ስንጽፍ አጻጻፋችን ራሱ ማንነታችንን ያሳብቃል አይደል? በራሴ ቃል አድርጌ «ሁለት ሰዎች» ብዬ ቁጥሩን አብሬ ጻፍኩ። የማታ ሠራተኞች ብዙ ስለሆኑ ማን እንደተናገረ አይለይም። ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ፈረቃውንም አልጠራም ነበር። በቡድን ደረጃም ቢያንስ ሦስት ሰው ካልመለሰ ነጥቡን ለብቻው አለማውጣት የተለመደ ነው፤ አለቃ ግን መታወቁን አውቆ ነው የሚሞላው።

አንድ ሦስተኛ አስተያየትም ነበር። «ለአገሯ ልጆች ታዳላለች» ይላል። ደነገጥኩ። ማጠቃለያው ውስጥ ባስገባው የአንድ ሰው ክስ እንደ ግኝት ይቆጠርባታል፤ ብጥለው ደግሞ ምናልባት እውነት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር የሚመረመርበት የራሱ መንገድ ስላለው ለሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ለብቻው ሰጠሁ፣ ከማጠቃለያውም አወጣሁት።

በመጨረሻ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ለውጥን በጊዜ በማሳወቅ አለቃዋና አብዛኞቹ ባልደረቦቿ ከፍተኛ ነጥብ ሰጥተዋታል። ከአሥር ሠራተኞች ስድስቱ መልሰው ለሁለት ተከፍለዋል፤ ሦስቱ 5፣ ሦስቱ 2። ሁለት ሰዎች ማታ ሲገቡ ለውጡ እንደማይደርሳቸው ጽፈዋል። ያልመለሱት አራቱ ምን እንደሚሉ አይታወቅም። ከእሷ ጋር የሚታይ ጥያቄ፦ ለውጡ የሚነገረው መቼና በምን መንገድ ነው?»

አንብባ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «9 ሰዓት ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት ለማምጣት እወጣለሁ፤ የማታዎቹ 10 ሰዓት ነው የሚገቡት» አለችኝ። ለቀኖቹ በአፍ ትነግራለች፣ ለማታዎቹ ወረቀት ለጥፋ ትሄዳለች፤ ወረቀቱን የሚያነብ የለም። አሁን ለሁሉም እኩል በስልክ መልእክት ትልካለች። የማዳላቱ ጉዳይ ገና እየታየ ነው።