ነፃው የማታ እንግሊዝኛ ምን ያስተምር?

«ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ! ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት በማታ ልንጀምር ነው።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲለቀቅ ወላጅም ተማሪም ደስ ይለዋል። ክረምት ሲገባ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ወጣቶች፣ በበጋ ደግሞ ፈቃደኛ መምህራን ይህን ሥራ ያለ ክፍያ ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው ሁለተኛ መስመር ላይ ነው፦ «በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገራሉ!»

በጣራ ገዳም ዙሪያ ካለ ቀበሌ መጥቶ አዲስ ዘመን ወይም ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ እንግሊዝኛ ከማን ጋር ሊያወራ ነው? እንግሊዝኛ በየቀኑ የሚገጥመው በባዮሎጂ መጽሐፉና በፈተና ወረቀቱ ላይ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ ሲማር ቆይቶ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ ቋንቋ በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ይህ አሠራር በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የጸና ነው። ልጁ ግን በአንድ ክረምት ልዩነት ቋንቋውን አይቀይርም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጣው ውጤት ይታወሳል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ጥፋት እንግሊዝኛ ነው ማለት አይቻልም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የጦርነትም ድርሻ አለበት። ነገር ግን ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው የሳተ ተማሪ እንዳለ ማንም መምህር ይመሰክራል።

ታዲያ የሚያስተው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ከባድ ቃላት» ይላል። ከባድ ቃላትማ መጽሐፉ ራሱ ያብራራቸዋል፣ መምህሩም ሰሌዳ ላይ ይጽፋቸዋል። የሚያስቱት ትንንሾቹ ናቸው።

«ዘር ውሃ ካላገኘ አይበቅልም» የሚለውን አረፍተ ነገር እንውሰድ። በእንግሊዝኛ «ሲድስ ዱ ኖት ግሮው አንለስ ዜይ ጌት ዋተር» ይሆናል። አማርኛው ሁለት አፍራሽ አለው፦ «ካላገኘ» እና «አይበቅልም»። እንግሊዝኛው ላይ የሚታየው አንድ «ኖት» ብቻ ነው፤ ሌላው አፍራሽ «አንለስ» ውስጥ ተደብቋል። አማርኛ ይህን ሐሳብ ከግሱ ጋር አጣብቆ «ካል…» ስለሚለው፣ ተማሪው ለ«አንለስ» ራሱን የቻለ አቻ ቃል ቢፈልግ አያገኝም። ስለዚህ ዘሎት ያልፋል፤ ወይም «ከሆነ» ብሎ ይገምታል። ያን ጊዜ «ዘር ውሃ ካገኘ አይበቅልም» ብሎ አነበበ ማለት ነው። ዘርን፣ ውሃንና መብቀልን በእንግሊዝኛ ያውቃል። የተረዳው ግን ተቃራኒውን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «ብርሃን ያላገኘው ተክል ይገረጣል» ስንል ገላጩ ከተክሉ በፊት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግን ተክሉ ይቀድምና ገላጩ ይከተላል፦ «ዘ ፕላንት ዛት ጌትስ ኖ ላይት ተርንስ የሎው»። ቃል በቃል የሚሄድ ተማሪ ከግሱ አጠገብ ያገኘው «ላይት»ን ስለሆነ፣ ቢጫ የሆነው ብርሃኑ ይመስለዋል። በፊዚክስም በኢኮኖሚክስም መጽሐፍ እንዲህ ያሉ አረፍተ ነገሮች በየገጹ አሉ።

የማታው ክፍል ጉልበቱን እዚህ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። «አንለስ»፣ «ኦልዞው»፣ «ኤክሴፕት»፣ «ዌርአዝ» የመሳሰሉትን ማያያዣዎች በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየወሰደ፣ ከተማሪው ከራሱ የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ አረፍተ ነገር አውጥቶ፣ «ማን ምን ሆነ?» ብሎ በአማርኛ ማስመለስ ነው። ሥራው አማርኛ ይፈልጋል፤ ተማሪው መረዳቱ የሚታወቀው በአማርኛ መልሶ ሲናገረው ነውና። «ክፍል ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ከመጀመሪያው ይህን በር ይዘጋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየትምህርት ቤቱ የተሰቀለው ፕላዝማ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፣ ያልገባውን ተማሪ ግን ቆም ብሎ አይጠብቀውም ነበር።

ማን ይግባ የሚለውም በክፍል ደረጃ ብቻ አይወሰን። ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ መቶ ቃል ያህል ያለው አንቀጽ ሰጥቶ የማያውቋቸውን ቃላት ማስመር ይበቃል። የንባብ ተመራማሪዎች እንደሚሉት አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት ለመረዳት ከመቶው ቃል 95 እስከ 98 ያህሉን ማወቅ ያሻል። አምስት ያሰመረና ሠላሳ ያሰመረ ተማሪ አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። 11ኛ ክፍል ሆኖ ሠላሳ ያሰመረ ከተገኘም ሳያፍር ከታች የሚጀምርበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ክፍሉ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ተማሪው የሳተውን የኬሚስትሪ ጥያቄ በአማርኛ ይጠየቅ። በአማርኛ ከመለሰው የጎደለው እንግሊዝኛ ነው፤ የማታው ክፍል ሊረዳው ይችላል። በአማርኛም ካቃተው የጎደለው ኬሚስትሪው ነው፤ የቱንም ያህል እንግሊዝኛ ቢማር አይሞላለትም፣ ወደ ኬሚስትሪ መምህሩ ይላክ። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም ችግር እንግሊዝኛ ላይ መጫን የልጁን ማታ በከንቱ ማባከን ነው።

ስለ ማታው ደግሞ አንድ ነገር። «ነፃ» የሚባለው ክፍያው ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ማታ ወጡን ይሠራል፣ ውሃውን ይቀዳል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ወላጆቿ ሌላ ከተማ ሆነው ከጨለመ በኋላ ብቻዋን እንድትመለስ አይፈቅዱም፤ ባለፉት ዓመታት የክልሉን ጸጥታ ላየ ወላጅ ይህ ፍርሃት ትክክል ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ክፍል፣ ሳይናገር «ሴቶች አይመጡም» ብሎ ወስኗል። ከ11 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ተማሪው በብርሃን ይገባል፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ማስታወቂያውም በቴሌግራም ብቻ አይቅር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ኔትወርክ ቢኖርም ስማርት ስልክ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ የከተማው ልጅ ነው። ክፍሉ የሚያስፈልገው ግን ቅዳሜ ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር ለሚገባው ነው። ለእሱ አንድ ወረቀት የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ አንድም ገበያ መግቢያ ላይ ይለጠፍለት።

ወረቀቱ ላይም ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ክፍሉ ስንት ሰዓት ላይ አልቆ ልጁ በብርሃን ቤቱ እንደሚደርስ፣ የትኛውን መጽሐፍ ይዞ እንደሚመጣ፣ ሲጨርስ ምን ማንበብ እንደሚችል። «የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂህን አንድ ምዕራፍ ራስህ አንብበህ በአማርኛ ለእኅትህ ትነግራታለህ» የሚል ማስታወቂያ «አቀላጥፈህ ትናገራለህ» እንደሚለው አያጓጓ ይሆናል። ቃሉን ጠብቆ እንደሆነ ግን ወላጁም ጭምር ቤት ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው ይችላል።