ባጃጁ ጋራዥ ሲቆም የዕለቱ ገቢ የማን ዕዳ ነው?



አዲስ ገንዘብ ሳይበደሩ በእጅ ባለው ንብረት መሥራት ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በአምበር ዙሪያ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ቅንጃ ይገባል። ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው የሁለቱም ማሳ ይታረሳል። ታዲያ ሞፈር ከመነሣቱ በፊት ንግግር አለ፦ ለአንተ ስንት ቀን፣ ለእኔ ስንት ቀን፣ በሬዎቹን ማን ያበላል? የከተማው ልጅ ግን ባጃጁን ወይም የስፌት መኪናውን ለጓደኛው ሲሰጥ «በእኔና በአንተ መካከል ምን አለ» ብሎ ያልፋል። ጠቡም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዛሬ በባጃጅ ላይ እናተኩር። የተለመደው አሠራር ይታወቃል። ባለንብረቱ ሱቅ ወይም ሌላ ሥራ አለው፤ ባጃጁን ለሹፌር ይሰጣል። ሹፌሩ ነዳጁን ራሱ ይቀዳል፣ ማታ የተቆረጠውን ገቢ ያስረክባል፣ የተረፈው የእሱ ነው። ይህ በፊቅህ ኢጃራ፣ ማለትም ኪራይ ነው። ባለንብረቱ የሸጠው የባጃጁን ጥቅም ነው፤ ባጃጁ ራሱ የእሱ እንደሆነ ይቆያል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀሩትን ጥያቄዎች ለመመለስ አይቸገርም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ ገበያ ይተካቸው። የዕለት ገቢው 500 ብር ነው፣ በወር 24 ቀን ይሠራል እንበል። 12,000 ብር ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «በወር 12,000 አገኛለሁ» ይላል። ከዚያ ላይ ግን ለዘይት፣ ለጎማና ለመለዋወጫ 3,000 ይውጣ። የቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የግብር ወጪ የዓመቱ ተደምሮ ለወር ሲካፈል 1,000 ይምጣ። የቀረው 8,000 ነው።

ገና አላለቀም። ባጃጁ ዛሬ ቢሸጥ 350,000 ያወጣል፣ ከአራት ዓመት ሥራ በኋላ ግን 206,000 ብቻ ያወጣል ብለን እናስብ። 144,000 ብር በመንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በ48 ወር ስናካፍለው በወር 3,000 ነው። ይህ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ ባጃጁን ቀስ በቀስ እየሸጥን የምንበላው ዋጋ ነው። እውነተኛው ትርፍ 5,000 ሆነ። ነዳጅ ጠፍቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ የሥራው ቀን ወደ 18 ቢወርድ ደግሞ ገቢው 9,000 ነው። ወጪው ባለበት ከቀጠለ የሚተርፈው 2,000 ብቻ ነው። ስለዚህ ያን 3,000 በየወሩ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የብር አቅም እንዴት እንደወረደ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ከተለየው ገንዘብ ጥቂቱን አስቀድሞ ጎማና የማይቀር መለዋወጫ መግዣ ማድረግ ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የብልሽት ነው። ባጃጁ ሦስት ቀን ጋራዥ ቢቆም ሹፌሩ የሦስቱን ቀን ገቢ እንዲከፍል የሚጠይቁ ባለንብረቶች አሉ። ኪራይ የጥቅም ዋጋ ከሆነ፣ ባለንብረቱ ያላቀረበውን ጥቅም ዋጋ በምን ሐቅ ይጠይቃል? ባጃጁ ያለ ሹፌሩ ጥፋት ከተበላሸ የቆመበት ቀን ኪራይ የለበትም፤ ጥገናውም በባለንብረቱ ላይ ነው። ሹፌሩ በበኩሉ ንብረቱን የያዘው በአማና ነው። ካላጠፋ ወይም ችላ ካላለ ዕዳ አይኖርበትም፤ ካጠፋ ግን ይከፍላል።

«አጥፍቷል፣ አላጠፋም» የሚለው በምን ይለያል? እዚህ ላይ ደብተር ያስፈልጋል። ዘይት የተቀየረበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ይጻፍ። ሞተሩ ዘይት አጥሮት ቢቃጠል፣ የዘይቱ ገንዘብ ተሰጥቶት ሹፌሩ ሳይቀይር ከቀረ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። «ዘይቱ ደርሷል» ብሎ ነግሮ ባለንብረቱ «ትንሽ ይቆይ» ካለው ግን ጥፋቱ የባለንብረቱ ነው። ሦስት ተሳፋሪ እንዲይዝ በተሠራ ባጃጅ አምስትና ስድስት ሰው መጫንም እንዲሁ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኛው ይልቅ ከልክ በላይ ቶሎ ማለቃቸው አንዱ ምልክት ነው። ነገር ግን ባለንብረቱ የቆረጠው ገቢ በሦስት ሰው ሊሞላ የማይችል ከሆነ፣ ትርፍ እንዲጫን ያስገደደው ራሱ ነው። ስለዚህ ገቢውን ከመቁረጥ በፊት አንድ ሳምንት የሥራውን ልክ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው፣ «ከቁርጥ ገቢ ይልቅ የተገኘውን እኩል ብንካፈልስ?» የሚለው ነው። ሊቃውንት በዚህ ተለያይተዋል። የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት የኪራዩ መጠን ስለማይታወቅ አይፈቅዱም። ኢማም አሕመድ ግን ፈቅደዋል፤ ኢብኑ ቁዳማም በ«አል-ሙግኒ» ላይ ከብትን ለሠራተኛ ሰጥቶ ገቢውን መካፈልን መሬትን በድርሻ ከመስጠት ጋር አመሳስለው አስረድተዋል። በዚህ መንገድ መሄድ የፈለገ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። ድርሻ ሥራ በማይጨበጥበት ጊዜ ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ነገር ግን ባለንብረቱ የዕለቱን ገቢ በእምነት ብቻ ነው የሚያውቀው። የማይሆነው ሁለቱን መቀላቀል ነው፦ «እኩል እንካፈላለን፣ ግን ቢገኝም ባይገኝም ለእኔ 400 ብር አይቀርም» ማለት። ይህ ትርፉን አካፍሎ ኪሳራውን ለደካማው መተው ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ቁርጡ ገቢ ዝቅ ይበል፣ የሚቆጠረውም ባጃጁ በሠራበት ቀን ብቻ ይሁን። ባለንብረቱ በወረቀት ላይ የሚያጣ ይመስላል። ነገር ግን በየቀኑ ገቢ ለመሙላት የሚሯሯጥ ሹፌር የሚጨርሰው የባለንብረቱን ባጃጅ ነው።

ይኸው ሚዛን ለሌላውም ንብረት ይሠራል። ከሰዓት በኋላ የሚቆም የስፌት መኪና ለሌላ ሰፊ ሲከራይ የሚሰበረው መርፌና የሚያልቀው ክር የተከራዩ፣ በሥራ ብዛት ያረጀው የመኪናው አካል የባለቤቱ ነው። ከገጠር መጥቶ ለሚማር ተማሪ የሚከራይ ትርፍ ክፍል ደግሞ ከሁሉም ያነሰ እርጅና አለው። እዚያ ቀድሞ መነገር ያለበት የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ እንዲሁም ተማሪው ክረምት አገሩ ሲገባ የሚኖረው ኪራይ ነው።

ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የዕለቱ ገቢ ስንት ነው፣ የትኛው ወጪ የማን ነው፣ የቆመበት ቀን እንዴት ይቆጠራል፣ ውሉ መቼ ያበቃል። ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ሁለት ምስክርም ይፈርም። ወንድማማችነት ውል መጻፍን አይከለክልም፤ ወንድማማችነትን ከጠብ የሚያድነውም ይኸው ወረቀት ነው።

ወላሁ አዕለም።