ቆንጆ ናት፤ ግን ማን ናት?

ለያሆዴ በዓል እናቴን በሀዲያ ባህል ልብስ የሚያሳይ ምስል በኤአይ አሠራሁ። እህቴ አየችውና “ቆንጆ ናት፤ ግን ማን ናት?” አለችኝ።

ጥፋቱ ከሰጠሁት ፎቶ ነበር። እናቴ በክንዷ ርቀት ያነሳችው ሰልፊ ነው። ስልክ ፊት ሲጠጋ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ኤአዩም ያንን እንደ እውነተኛ መልኳ ይወስደዋል። በዚያ ላይ ፊልተሩ የግንባሯን ጠባሳ አጥፍቶታል።

ቅዳሜ ሆሳዕና መናኸሪያ ወርጄ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴን በራፉ ላይ፣ ጥላው ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጌ አስቀመጥኳት፤ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላልና። 2 ሜትር ያህል ርቄ፣ ስልኩን በዓይኗ ትክክል ይዤ፣ በ2 እጥፍ አቀረብኩት። ነጠላዋ ነጭ ስለሆነ ስልኩ ፊቷን አጨለመው፤ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነካ ሳደርግ ተስተካከለ። ነጠላውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አንድ ከፊት ለፊት፣ አንድ አንድ ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ትንሽ ዞር ብላ አነሳኋት።

“ፈገግ በይ” ስላት ደረቀች። እናቴ ፍንጭት ናት፤ ጥርሷ የሚታይበት ፎቶ ካልሰጠሁት ኤአዩ የራሱን ጥርስ ይተክልላታል። ስለ ጎረቤታችን ዶሮ ስናወራ ስትስቅ ያዝኳት። በቴሌግራምም እንደ ፋይል ላክሁት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል።

አዲሱን ምስል ምንም ሳልናገር ለእህቴ አሳየኋት። “እማዬ! አንገቷን ግን ማን አስረዘመው?”